ገመዱ ምን ያህል ይርዘም? ትርፍን ስለሚከተል ስቶፕ

ይህ ፒያሳ አካባቢ በአንድ ትንሽ አዳራሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ያደረግሁት ንግግር ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። ሰሌዳ ላይ የጻፍኳቸውን ቁጥሮችና መጨረሻ ላይ የተነሡትን ጥያቄዎች ጨምሬበታለሁ።

እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ ስለ መግዛት አላወራም። መቼ እንደሚገባ የሚያስተምር ሞልቷል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከገባን በኋላ ያለው ነው። ገዛን፣ ዋጋው ወደ ላይ መሄድ ጀመረ፣ ደስ አለን። የት እንውጣ?

በዓል ሲደርስ ከሾላ ገበያ በግ ገዝቶ በገመድ እየጎተተ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው አይታችኋል። ገመዱን በጣም አሳጥሮ ከያዘው በጉ ባንገራገረ ቁጥር ሰውየውም አብሮ ይንገዳገዳል። በጣም ካስረዘመው ደግሞ በጉ አስፋልት መሃል ይገባበታል። የዛሬው ጉዳያችን የገመዱ ርዝመት ነው።

ስቶፕ ማለት «ዋጋው እዚህ ከደረሰ ሽጥልኝ» ብለን አስቀድመን የምንሰጠው ትእዛዝ ነው። ትሬሊንግ ስቶፕ ደግሞ ዋጋው ከፍ ሲል አብሮ ከፍ የሚል ስቶፕ ነው። ዋናው ሕግ አንድ ነው፤ ይወጣል እንጂ አይወርድም። ዋጋው ሲወርድ እኛም ስቶፑን «ትንሽ ልታገሠው» ብለን ዝቅ ካደረግነው፣ ስቶፕ መሆኑ ቀርቶ ምኞት ሆነ ማለት ነው።

ስቶፑን የት እናስቀምጥ ለሚለው ሦስት የታወቁ መልሶች አሉ። አንዱ ሙቪንግ አቬሬጅ፣ ማለትም ተንቀሳቃሽ አማካይ ነው፤ ያለፉት ጥቂት ቀናት መዝጊያ ዋጋ አማካይ ሆኖ በየቀኑ አዲስ የሚሰላ ነው። ሁለተኛው ስዊንግ ሎው ነው፤ ዋጋው ወርዶ የተመለሰበት የመጨረሻው ጎድጓዳ ማለት ነው። ሦስተኛው የገበያውን የቀን ተቀን መዋዠቅ ለክቶ ርቀቱን የሚወስን ነው። በብዛት የሚለካው በኤቲአር ነው። ኤቲአር አንድ ነገር በቀን በአማካይ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ይነግረናል። በ1978 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዌልስ ዋይልደር የሚባል አሜሪካዊ ነው።

ሦስቱን ለየብቻ ከማብራራ በአንድ ግዢ ላይ ጎን ለጎን ላስሄዳቸው። ቁጥሮቹን እኔ ነኝ የሠራኋቸው። የየትኛውም ድርጅት አክሲዮን አይደለም። ግን ገበያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ ቅርጽ ነው።

በ100 ብር ገዛን። ኤቲአር 2 ብር ነው። ከመግዛታችን በፊት የነበረው ጎድጓዳ 92 ላይ ነው። የኤቲአሩ ሰው ከከፍተኛው ዋጋ ላይ 3 ኤቲአር፣ ማለትም 6 ብር ይቀንሳል። ስለዚህ በ94 ይጀምራል። የስዊንጉ ሰው ከጎድጓዳው ግማሽ ኤቲአር ዝቅ ብሎ 91 ላይ ያስቀምጣል። ልክ ጎድጓዳው ላይ ካስቀመጠው ዋጋው ነካ አድርጎት ሊመለስ ይችላል፤ ሁሉም ሰው እዚያው ነው የሚያስቀምጠው። የአማካዩ ሰው ደግሞ የ20 ቀን አማካይ ይዟል። የቀኑ መዝጊያ ዋጋ ከአማካዩ በታች ከሆነ በማግስቱ ጠዋት ይሸጣል።

ዋጋው በዝግታ ወጣ። በ9ኛው የገበያ ቀን 108 ደረሰ፣ ወደ 104 ተመለሰ፣ እንደገና ተነሥቶ በ21ኛው ቀን 112 ላይ ዘጋ። የዚያን ቀን ከፍተኛው 112.5 ነበር። ከዚያ አራት ቀን ወረደ። እዚህ ጋ ነው ሦስቱም የተፈተኑት።

በ25ኛው ቀን ዋጋው በቀኑ መሃል 107 ነካ፣ ከዚያ አገግሞ በ108.4 ዘጋ። የኤቲአሩ ስቶፕ 106.5 ላይ ነበር። በግማሽ ብር ተረፈ። የ20 ቀን አማካዩ 107.8 ገደማ ነበር። ዋጋው በቀኑ መሃል ሰብሮት ገብቷል፣ ግን የተዘጋው ከሱ በላይ ነው። ስለዚህ «ሲነካ ሽጥ» ያለ ሰው ወጣ፣ «ከበታቹ ሲዘጋ ሽጥ» ያለ ሰው ቀረ። አማካዩ ያው አንድ መስመር ነው፣ ሕጉ ግን የተለያየ ውጤት ሰጠ። የስዊንጉ ስቶፕ የ104ቱን ጎድጓዳ ይዞ 103 ላይ ስለነበር ይህን ሁሉ አልሰማም።

ገመዱን ያሳጠረ ሰው እዚህ ጋ አለቀለት። 2 ኤቲአር ብቻ የሰጠ ሰው ስቶፑ 108.5 ላይ ስለነበር ወጥቷል። በ10 ቀን አማካይ የሚሄደውም እንዲሁ፤ አማካዩ 109.6 ገደማ ስለነበር መዝጊያው ከበታቹ ሆነ። ሁለቱም 8 ብር ገደማ አትርፈው ወጡ። ቀጥሎ የሚመጣውን ሳያዩ።

በ35ኛው ቀን ዋጋው 118 ሆነ፤ የቀኑ ከፍተኛ 118.5 ነው። የ20 ቀን አማካዩ 111.6 ነው። የኤቲአሩ ስቶፕ 112.5 ነው። እዩ፣ ተቀራራቢ ናቸው። ዋጋው 112.5ን አልፎ አዲስ ከፍታ ስለያዘ የስዊንጉ ሰው የ107ቱን ጎድጓዳ አጽድቆ ስቶፑን ወደ 106 አሳደገ። ጎድጓዳ ጎድጓዳ መሆኑ የሚታወቀው ዘግይቶ እንደሆነ ልብ በሉ። ዋጋው ገና እየወረደ ሳለ «ይሄ ነው የመጨረሻው» የሚል ሰው እየገመተ ነው።

እስካሁን ያለው ልዩነት የሚያስጨንቅ አይደለም። በዝግታ በሚወጣ ገበያ ሦስቱም ይሠራሉ ማለት ይቻላል። ሰዎች የትኛው ይሻላል ብለው ሲጨቃጨቁ የሚያመጡት ቻርት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። ለዚህም ነው ጭቅጭቁ የማያልቀው።

የሚለያዩት ዋጋው መሮጥ ሲጀምር ነው።

በሚቀጥሉት ስምንት ቀናት ዋጋው በቀን 3 ብር እየጨመረ፣ አንድም ቀን ሳያርፍ፣ 142 ደረሰ። የቀኑ ከፍተኛ 143 ነው። የእያንዳንዱ ቀን ስፋት፣ ማለትም ከቀኑ ዝቅተኛ እስከ ከፍተኛው ዋጋ ያለው ርቀት፣ ወደ 4.5 ብር አደገ። አሁን ሦስቱን እንያቸው።

የ20 ቀን አማካዩ 120.3 ላይ ነው። ከዋጋው ወደ 22 ብር ይርቃል። ለምን? አማካይ የኋላ ኋላ ነው የሚሄደው። ዋጋ በእኩል ፍጥነት ሲወጣ የ20 ቀን አማካይ የሚያሳየን ከ10 ቀን ገደማ በፊት የነበረውን ዋጋ ነው። በቀን 60 ሳንቲም ሲጨምር 10 ቀን ማለት 6 ብር ነው። በቀን 3 ብር ሲጨምር ግን አማካዩ እስኪደርስ 30 ብር ሊቀድመው ይችላል። ገመዱን እኛ ሳናስረዝመው ራሱ ረዘመ።

የስዊንጉ ስቶፕ አሁንም 106 ላይ ነው። ከዋጋው 36 ብር ይርቃል። ስዊንግ ሎው አዲስ ጎድጓዳ ይፈልጋል፤ የሚሮጥ ገበያ ደግሞ ጎድጓዳ አይሠራም። በወረቀት 42 ብር አትርፈን የተረጋገጠልን 6 ብር ብቻ ነው።

የኤቲአሩ ስቶፕ ከከፍተኛው ዋጋ ላይ ስለሚንጠለጠል አብሮ ሮጧል። ይህ ዓይነቱ ስቶፕ በእንግሊዝኛ ስሙ ሻንደሊየር ይባላል፤ ጣሪያ ላይ እንደተሰቀለ ትልቅ መብራት ማለት ነው። ያስለመደው ቻክ ለቦ የሚባል ትሬደር ነው። ግን እሱም የራሱ ነገር አለው። የቀኑ ስፋት ሲያድግ ኤቲአሩም ያድጋል። ከ2 ብር ተነሥቶ 3.12 ደርሷል። ሦስት እጥፉ 9.4 ገደማ ነው። ስቶፑ 133.6 ሆነ። ማለትም ርቀቱ ከ6 ወደ 9 ብር ሰፍቷል። ይህ ተገቢ ነው፤ በጉ በኃይል ሲንፈራገጥ ገመዱ ትንሽ መላላት አለበት።

በ44ኛው ቀን ዋጋው ወደቀ። በ136.5 ዘጋ። የዚያን ቀን ስፋት 7 ብር ስለነበር ኤቲአሩ 3.4 ሆነ። አሁን ቀመሩ የሚሰጠን ስቶፕ 132.8 ገደማ ነው። ተመልከቱ፤ ዋጋው ወርዶ ስቶፑም ወረደ! ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቀመሩን ቻርት ላይ ሰክቶ መስመሩን ብቻ ይከተላል። መስመሩ ገበያው በተናወጠ ቁጥር ወደ ታች ይሸሻል። «ይወጣል እንጂ አይወርድም» የሚለውን ሕግ ቀመሩ ውስጥ ራሳችን መጻፍ አለብን። ትሬዲንግቪው ላይ ለሚጽፉ ይህን ያህል ነው፦

```
x = ta.highest(high, 22) - 3 * ta.atr(14)
stop = 0.0
stop := math.max(nz(stop[1]), x)
```

የመጨረሻው መስመር ነው ቁልፉ። የትናንቱን ስቶፕና የዛሬውን ስሌት ያወዳድርና ትልቁን ይይዛል። ይህ እንደተጻፈው በራሱ ከዜሮ አይጀምርም፤ አዲስ ግዢ ስትጀምሩ የድሮውን ስቶፕ ማጥፋት የእናንተ ሥራ ነው።

በ45ኛው ቀን ዋጋው 131 ነካ። የኤቲአሩ ሰው በ133.5 ገደማ ወጣ። የአማካዩ ሰው ቆየ። ዋጋው እየወረደ፣ አማካዩ እየወጣ፣ በ49ኛው ቀን ተገናኙ፤ መዝጊያው 124፣ አማካዩ 126.4። በማግስቱ ጠዋት በ123.5 ሸጠ። የስዊንጉ ሰው አሁንም ተቀምጧል። ዋጋው 112 ድረስ ወረደ። ከ42 ብር ትርፉ 30ው በዓይኑ ፊት ሄደ።

እዚህ ላይ ብናቆም «ኤቲአር አሸነፈ» እንላለን። ገበያው ግን አላቆመም። ዋጋው 112 ላይ አርፎ ተነሣ፣ ከሦስት ወር በኋላ 143ን አልፎ 155 ገባ። የስዊንጉ ሰው ስቶፑ 106 ስለነበር አልተነካም። አሁንም ይዞታል።

ታዲያ ማን ነው ያተረፈ? ይህን ለማየት ስንት እንደገዙ ማወቅ አለብን። ሁለቱም 100,000 ብር አላቸው እንበል። በአንድ ግዢ ከ1,000 ብር በላይ ማጣት አይፈልጉም። የኤቲአሩ ሰው ስቶፑ 6 ብር ስለሚርቅ 166 አክሲዮን መግዛት ይችላል። የስዊንጉ ሰው ስቶፑ 9 ብር ስለሚርቅ 111 ብቻ። የኤቲአሩ ሰው በ33.5 ብር ትርፍ 5,561 ብር ይዞ ወጣ። የስዊንጉ ሰው በ55 ብር ትርፍ 6,105 ብር አለው፣ ያውም ገና በወረቀት። ልዩነቱ 544 ብር ነው። ለዚያ 544 ብር ሦስት ወር ተጨማሪ ጠብቋል፣ 30 ብር ሲወርድበት እንቅልፍ አጥቷል። ወይም ምንም አልመሰለውም፤ እንዲህ ያለ ሰውም አለ። ሰፊ ገመድ የሚይዝ ሰው ትንሽ በግ ነው የሚገዛው። ይህን ሳይነግሯችሁ «ይህኛው ስቶፕ የበለጠ አተረፈ» የሚሏችሁን አትስሟቸው።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ፤ ልማድ ነው እንጂ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። ስጀምር ከስዊንግ ሎው ጋር ነኝ። ዋጋው በዝግታ ሲሄድ ትዕግሥቱን እወድለታለሁ። በየቀኑ ግን ከ20 ቀን አማካዩ ስንት ኤቲአር እንደራቀ አያለሁ። ከ5 ኤቲአር በላይ ሲርቅ ገበያው ሩጫ ጀምሯል እላለሁና ወደ ኤቲአር ስቶፕ እዞራለሁ። በዛሬው ምሳሌ ይህ የሆነው በ38ኛው ቀን ነው። ዋጋው 127፣ አማካዩ 114፣ ኤቲአሩ 2.5 ነበር። አማካዩን ለመውጫ አልጠቀምበትም፤ ርቀት ለመለካት ነው የምፈልገው።

ሁለት ነገር ሳልናገር መሄድ አልፈልግም።

አንደኛው፣ ስቶፕ የዋጋ ዋስትና አይደለም። ዋጋው እዚያ ሲደርስ «ባገኘኸው ሽጥ» የሚል ትእዛዝ ነው። በጃንዋሪ 15 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ሲከላከልበት የነበረውን ወለል በድንገት አነሣው። ዩሮ በደቂቃዎች ውስጥ ከ1 ፍራንክ በታች ገባ። ከ1.20 ትንሽ ዝቅ ብሎ ስቶፕ ያስቀመጠ ሰው እዚያ ዋጋ ላይ ገዢ አላገኘም። ኤቲአር በዚህ ጊዜ ጭራሽ አሳሳች ነበር። ወለሉ ስለነበረ የቀኑ መዋዠቅ ትንሽ ነበር፤ ትንሽ መዋዠቅ ትንሽ ኤቲአር፣ ትንሽ ኤቲአር ደግሞ ብዙ ግዢ። ኤቲአር የሚያውቀው ያለፈውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው በራሴ የደረሰ ነው። በምጠቀምበት ፕሮግራም ላይ ትሬሊንግ ስቶፕ የሚል ቁልፍ አለ። ተጭኜው ተረጋጋሁ። ማታ መብራት ጠፋ፣ ላፕቶፑም ባትሪው ደካማ ነበርና ተዘጋ። ጠዋት ስከፍተው ዋጋው ሌሊት ወጥቶ ተመልሷል፣ ስቶፔ ግን መብራት የጠፋበት ሰዓት ላይ ቆሟል። ስቶፑን ከፍ የሚያደርገው የእኔ ኮምፒውተር ነበር እንጂ የደላላው ሰርቨር አልነበረም። መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ አላነበብኩም። እናንተ አንብቡ። ወይ ደግሞ እንደ እኔ አድርጉ፤ በቀን አንዴ፣ ገበያው ሲዘጋ፣ ስቶፑን በእጃችሁ አሳድጉና ሂዱ። ለዕለታዊ ቻርት ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነበር። ሁለቱን ላስቀምጥ።

ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ከማስላት ከከፍተኛው 10 በመቶ ሲወርድ መሸጥ አይቀልም ወይ?» አሉኝ። ይቀላል አባቴ። በዛሬው ምሳሌም ከ143 ላይ 10 በመቶ ሲቀነስ 128.7 ስለሚሆን መጥፎ አይደለም። ችግሩ 10 በመቶ ለሁሉም ነገር አንድ አለመሆኑ ነው። እንደ ዩሮና ዶላር ያሉ ትላልቅ የገንዘብ ጥንዶች 10 በመቶ ለመሄድ ወራት ሊፈጅባቸው ይችላል። ቢትኮይን ግን በአንድ ቀን ሊያደርገው ይችላል። ኤቲአር የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ 10 በመቶውን ለእያንዳንዱ ገበያ በልኩ ይሰፋለታል። አባታችን ሳቁና «እንግዲያው ልብስ ሰፊው ይሻላል» አሉ።

ከኋላ አንዲት ወጣት ተነሣች። «ይህን እዚሁ አገር ቤት፣ በአዲሱ የአክሲዮን ገበያ ላይ ልጠቀምበት?» አለች። የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው በ2017 ዓ.ም. ነው። ጥያቄዋ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ መጀመሪያ የምመለከተው ስቶፑን አይደለም አልኳት። የምትፈልጊውን አክሲዮን ያለፉትን 22 የገበያ ቀናት ውሰጂና በስንቱ ቀን ግብይት እንደተካሄደበት ቁጠሪ። ያልተሸጠበት ቀን ስፋቱ ዜሮ ነው፤ ያ ዜሮ አማካዩ ውስጥ ይገባና ኤቲአሩን ያኮማትረዋል። ገበያው የተረጋጋ ይመስልሻል፣ እውነቱ ግን ገዢ አለመኖሩ ነው። ስቶፕሽ ሲነካም ያንኑ የሌለ ገዢ ነው የሚጠብቀው። ከ22ቱ አምስት ስድስት ቀን ብቻ ከሆነ ሦስቱንም ትተሽ፣ ብታጪው የማይጎዳሽን ያህል ብቻ ግዢ። ከሃያ በላይ ከሆነ ግን ነይና ቻርቱን አብረን እንየው አልኳት። ስልኳን አውጥታ መቁጠር ጀመረች።